ስላይድን ወደ ምስልና አጭር ቪዲዮ ቀይሮ በቴሌግራምና በዋትስአፕ መላክ፦ ፊደሉ ሳይደበዝዝ

በፕሮጀክተር ላይ አምሮ የታየ ስላይድ በስልክ ሲላክ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። የፓወርፖይንቱ ፋይል እንዳለ ከተላከ ተቀባዩ መክፈቻ መተግበሪያ ላይኖረው ይችላል። ቢኖረውም የተጻፈበት ፎንት በስልኩ ስለሌለ መስመሮቹ ይሰባበራሉ፣ ጽሑፉ ከሳጥኑ ይፈስሳል። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ በዩኒኮድ ባልተሠሩ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ይታያሉ። ስላይዱን ወደ ምስል መቀየር ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታል፤ ፊደሉ ሥዕል ስለሚሆን ማንም ስልክ ላይ እንደተሠራው ይታያል። ስለዚህ ወደ ምስል መቀየሩ ፎንቱ ባለበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምስሉ ይላካል፤ ተቀባዩ ሲከፍተው ፊደሉ ደብዝዟል፣ ቁጥሩ አይለይም። ብዙ ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል። ምክንያቱ ግን ኔትወርክ አይደለም። የላኪው መተግበሪያ ምስሉን ከመላኩ በፊት ራሱ አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚልከው። ይህን ሥራ በሚገባ ያወቀ ሰው መተግበሪያው የሚያሳንሰው ነገር እንዳይኖር አድርጎ ማዘጋጀት ይችላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ እድር ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቱን በስብሰባ ላይ በስምንት ስላይድ አቀረበ እንበል። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት አሉ፤ ከከተማ የወጡ አሉ፣ ውጭ አገር ሆነው ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍሉም አሉ። ሪፖርቱ በቴሌግራም ግሩፕ ይላክላቸው ተባለ። ስላይዶቹ በተለመደው አግድም ቅርጽ ነው የተሠሩት፤ ወርዳቸው 13.33 ኢንች፣ ቁመታቸው 7.5 ኢንች። ጽሑፉ በ18 ነጥብ መጠን ነው፤ ከስላይዶቹ አንዱ ደግሞ ዘጠኝ ዓምድ ያለው የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ አለው።

ይህ ስላይድ ስልክ ላይ ምን እንደሚሆን እናስላ። ስልክ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ የስክሪኑ ወርድ ብዙውን ጊዜ ወደ 6.8 ሴንቲሜትር፣ ማለትም ወደ 2.7 ኢንች ገደማ ነው። 13.33 ኢንች የነበረው ስላይድ እዚያ ውስጥ ሲገባ አምስት እጥፍ ያህል ያንሳል። 18 ነጥብ የነበረው ፊደልም ወደ 3.6 ነጥብ ይወርዳል። የጋዜጣ ጽሑፍ 9 ነጥብ አካባቢ መሆኑን ካሰብን፣ ይህን ያለ ማጉላት የሚያነብ ዓይን የለም። ምስሉ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ስሌቱ አይቀየርም። ስለዚህ ስለ ፒክስል ከማሰብ በፊት የስላይዱን ቅርጽ መቀየር ይገባል።

ለቻት የሚስማማው ቅርጽ ከወርዱ በመጠኑ የሚረዝም፣ አራት ለአምስት የሆነ ነው። ሙሉ የስልክ ስክሪን የሚሸፍነው ዘጠኝ ለአሥራ ስድስት ለስታተስና ለስቶሪ ጥሩ ነው፤ በቻት ውስጥ ግን ረጅም ምስል ሳይከፈት ሲታይ ከላይና ከታች ሊቆረጥ ይችላል፤ ርዕሱም የሚጠፋው ያኔ ነው። አግድሙ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ያሳንሳል።

መጠኑ ስንት ይሁን? ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ለረጅም ጊዜ ሲያስተናግድ የኖረው ትልቁን ጎን 1280 ፒክስል አድርሶ ነው። ዋትስአፕ በመደበኛው ጥራት ሲልክ ትልቁን ጎን ወደ 1600 ፒክስል አካባቢ ያወርደዋል። እንግዲህ ምስላችን ከመጀመሪያው 1024 በ1280 ሆኖ ከተሠራ ሁለቱም መተግበሪያዎች የሚያሳንሱት ነገር አያገኙም። መጨመቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ፊደልን ክፉኛ የሚያበላሸው ማሳነሱና መጨመቁ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። አራት ሺህ ፒክስል ያለው ግዙፍ ምስል አዘጋጅቶ ‹‹ጥራቱ ይበልጣል›› ብሎ መላክ ጥቅም የለውም፤ መተግበሪያው በራሱ መንገድ ያሳንሰዋል፣ ውጤቱንም ላኪው አያየውም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ቅጂ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ቅርጹ ሲቀየር ዋናው እንዳይበላሽ። በቅጂው ላይ Design → Slide Size → Custom Slide Size ይከፈታል። ወርዱ 10.667 ኢንች፣ ቁመቱ 13.333 ኢንች ይደረጋል። ኮምፒውተሩ በሴንቲሜትር የሚያሳይ ከሆነ 27.09 እና 33.87 ይጻፋል። እነዚህ ቁጥሮች የተመረጡት በምክንያት ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ፓወርፖይንት ስላይድን ወደ ምስል ሲቀይር በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ኢንች 96 ፒክስል ይሰጣል። 10.667 በ96 ሲባዛ 1024፣ 13.333 በ96 ሲባዛ 1280 ይመጣል። ፓወርፖይንቱ ቀጥሎ ይዘቱ እንዴት ይሁን ብሎ ሲጠይቅ Ensure Fit የሚለው ይመረጣል። ሌላው ምርጫ፣ Maximize፣ ይዘቱን ትልቅ አድርጎ ከጠርዝ ውጭ ሊያስቀረው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ስላይዶቹ ላይ ይዘቱ መሐል ላይ ተጨምቆ፣ ከላይና ከታች ብዙ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ትክክል ነው፤ ዋናው የእጅ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዚህ ስላይድና በስልክ ስክሪን መካከል ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ 40 ነጥብ የተጻፈ ጽሑፍ ስልኩ ላይ እንደ 10 ነጥብ ይነበባል፤ 36 ነጥብ እንደ 9። ለዋናው ጽሑፍ ከ36 በታች መውረድ አይገባም። ርዕሱ 54 ወይም 60 ቢሆን ያምራል።

በ36 ነጥብ ደግሞ ዘጠኝ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አይገባም። ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሠንጠረዡን ለማስገባት ብሎ ፊደሉን ያሳንሰዋል። መፍትሔው ሠንጠረዡን መክፈል ነው። በእድሩ ምሳሌ አንዱ ስላይድ ሦስት ይሆናል፦ የመጀመሪያው የገቢ ዓይነትና ድምር፣ ሁለተኛው የወጪ ዓይነትና ድምር፣ ሦስተኛው ካለፈው ዓመት የዞረው፣ የዘንድሮው ልዩነትና በባንክ ያለው ቀሪ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ ይኖራል፤ በግራ መግለጫው፣ በቀኝ ብሩ። የወር በወር ዝርዝሩን የሚፈልግ አባል ካለ እሱን በፒዲኤፍ ለብቻው መላክ ይሻላል።

ፊደሉ ለምን ይህን ያህል ቦታ እንደሚያስፈልገው በቅርበት ማየት ይጠቅማል። የአማርኛ ፊደል ትርጉሙን የሚይዘው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። ‹‹ሉ›› እና ‹‹ሊ››ን የሚለያቸው በቀኝ በኩል ያለችው ቅጥያ መሐል ላይ መሆኗ ወይም እግር ሥር መሆኗ ብቻ ነው። ‹‹ተ›› እና ‹‹ቸ››፣ ‹‹ነ›› እና ‹‹ኘ›› የሚለያዩትም ከላይ ባለች አጭር መስመር ነው። 18 ነጥብ የተጻፈ ፊደል በ96 ስሌት ሲወጣ ሙሉ ቁመቱ 24 ፒክስል ነው፤ ቅጥያዋ ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ብቻ ትሆናለች። መተግበሪያዎቹ ፎቶ የሚልኩበት ጄፔግ ደግሞ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ በየካሬው ውስጥ ጥቃቅኑን ዝርዝር እየጣለ ነው የሚጨምቀው። ሦስት ፒክስል የሆነች ቅጥያ እዚያ ካሬ ውስጥ ገብታ ትሟሟለች፤ ‹‹ሉ›› እና ‹‹ሊ››ም አንድ ይመስላሉ። 40 ነጥብ የሆነው ፊደል ግን 53 ፒክስል ገደማ ቁመት ስላለው ቅጥያዋ ተለይታ ትቆያለች። ቀጫጭን ፎንትም በዚሁ ምክንያት አይመከርም። ወፍራም መስመር ያለው፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ዊንዶውስ ላይ እንዳለው ኢብሪማ ያለ ፎንት መጨመቅን በተሻለ ይችላል።

ቀለምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጄፔግ በአብዛኛው የምስሉን ብርሃንና ጥላ በሙሉ ዝርዝር ሲይዝ፣ ቀለሙን ግን በግማሽ ወርድና በግማሽ ቁመት አሳንሶ ነው የሚያስቀምጠው። ዓይናችን ለቀለም ዝርዝር ብዙም ስለማይጠነቀቅ ለፎቶግራፍ ይህ አይታወቅም። ለጽሑፍ ግን ይታወቃል። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ላይ ሲሆን የሁለቱ ብርሃን ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ስለሆነ ፊደሉን ከጀርባው የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቀንሷል። ስለዚህ የፊደሉ ጠርዝ ደም እንደነካው ጨርቅ ይዋጣል። ጥቁር በነጭ ላይ፣ ወይም ነጭ በጥልቅ ሰማያዊ ላይ ሲሆን ግን ብርሃኑ ራሱ ስለሚለያይ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከጽሑፍ ጀርባ ፎቶግራፍ ማድረግ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጨመቃው በፎቶው ዝርዝርና በፊደሉ መካከል ይሻማል።

ምስሎቹን ለማውጣት File → Save As ተከፍቶ ከፋይል ዓይነቶቹ PNG ይመረጣል፤ ሲጠየቅ All Slides ይባላል። ማክ ላይ File → Export ውስጥ ወርዱንና ቁመቱን በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ከጄፔግ ይልቅ ፒኤንጂ የሚመረጠው ምንም ነገር ሳይጥል ስለሚያስቀምጥ ነው። መተግበሪያው ኋላ አንድ ጊዜ ይጨምቀዋል፤ እኛ አስቀድመን በጄፔግ ካወጣነው ግን ሁለት ጊዜ ይጨመቃል ማለት ነው። ከወጣ በኋላ አንዱን ምስል በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties → Details ላይ ልኬቱን ማየት ያስፈልጋል። 1024 በ1280 ካላለ አንድ ቁጥር ተሳስቷል።

ሊብሬኦፊስ የሚጠቀም ሰው ምስል አድርጎ ሲያወጣ የሚወጣለት የተከፈተው አንድ ስላይድ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማውጣት መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ፣ ፖፕለር የሚባለው የፒዲኤፍ መሣሪያ በተጫነበት ኮምፒውተር ተርሚናል ላይ ይህን ትእዛዝ መጠቀም ይችላል፦

```
pdftoppm -r 96 -png edir.pdf edir
```

በምስሎቹ ላይ ሁለት ነገር ይፈተሻል። አንደኛው አኒሜሽን ነው። ስላይዱ ላይ አንዱ ጽሑፍ ጠፍቶ ሌላው በቦታው እንዲመጣ ተደርጎ ከነበረ፣ ምስል ሲሆን ሁለቱም ተደራርበው ይወጣሉ። ምስል ጊዜ ስለሌለው በስላይዱ ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ላይ ነው የሚያሳየው። እንዲህ ያለውን ስላይድ ቀድሞ ወደ ሁለት ስላይድ መክፈል ነው። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ፓወርፖይንት ፋይሎቹን Slide1፣ Slide2 እያለ ይሰይማቸዋል። ስላይዶቹ ከዘጠኝ በላይ ከሆኑ አንዳንድ ስልኮች በስም ሲደረድሩ Slide10ን ከSlide2 በፊት ያስቀምጡታል። የእድሩ ስምንት ስላይድ ሠንጠረዡ ሲከፈል አሥር ሆኗል፤ ስለዚህ ስማቸውን 01፣ 02 እያሉ መቀየር የግድ ነው። ቴሌግራም በአንድ አልበም የሚቀበለው አሥር ምስል ነውና እድሩ ልክ ደርሷል። አሥራ አንደኛ ቢኖር ኖሮ ለብቻው ተነጥሎ ይሄድ ነበር።

ሲላክስ? ለአብዛኛው አባል እንደ ፎቶ መላክ ይሻላል፤ ሳይጫን በቻቱ ላይ ወዲያው ይታያል፣ ብዙ ዳታም አይበላም። ማኅተም ያለበት ወይም መታተም ያለበት ገጽ ከሆነ ግን በቴሌግራም File፣ በዋትስአፕ Document በሚለው መንገድ መላክ ይገባል። በዚያ መንገድ የሚላክ ፋይል አንድም ፒክስል ሳይነካ ይደርሳል። ዋትስአፕ ላይ ፎቶ ሲመረጥ ከላይ HD የሚል ምልክት አለ፤ እሱን መንካትም ጥራቱን ከመደበኛው ያሻሽላል። አንድ አባል ለሌላ ግሩፕ ማድረስ ከፈለገ Forward ያድርግ፤ ያው ፋይል ነው የሚሄደው። ስክሪንሾት አንስቶ እንደገና ሲልክ ግን ምስሉ እንደገና ይጨመቃል፤ ሦስት አራት እጅ ካለፈ በኋላ ቁጥሩ አይነበብም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስልክ ቁጥር በምስሉ ላይ ቢኖሩም ከምስሉ ሥር በጽሑፍ መደገም አለባቸው። ከምስል ላይ ኮፒ ለማድረግ ስለማይመች አባሉ አሥራ ሦስት አሐዝ ከዓይኑ ወደ ጣቱ እያዛወረ ሊሳሳት ይችላል። ቴሌግራም ከምስል ሥር እስከ 1024 ቁምፊ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ምስል አንድ ሌላ ጥቅም አለው። በፓወርፖይንት ውስጥ ያለ ግራፍ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የተሠራበትን ሙሉ የኤክሴል ሰነድ ይዞ ነው የሚዞረው። የእድሩ ግራፍ ከአባላት የውዝፍ ዝርዝር የተሠራ ከሆነ የፓወርፖይንቱን ፋይል መላክ የማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ለግሩፑ ሁሉ መላክ ሊሆን ይችላል። ምስል ግን የሚታየውን ብቻ ነው የሚይዘው።

ቪዲዮ መቼ ያስፈልጋል? ድምፅ ሲኖር ነው። ማንበብ ለሚቸግራቸው አባላት፣ ወይም ወጪው ለምን እንደጨመረ ገንዘብ ያዡ በቃሉ ማስረዳት ሲኖርበት ቪዲዮ ቦታ አለው። ድምፅ የሌለው የስላይድ ቪዲዮ ግን ከምስሎቹ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም አንባቢው በራሱ ፍጥነት እንዳያነብ ያደርገዋል። ቴሌግራም ደግሞ ድምፅ የሌለውን አጭር ቪዲዮ እንደ ጂአይኤፍ ቆጥሮ ያለማቋረጥ ሊያዞረው ይችላል።

ድምፁ የሚቀዳው Slide Show → Record በሚለው ነው። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ከስላይድ ወደ ስላይድ በሚደረገው ሽግግር ሰዓት ፓወርፖይንት ድምፅ አይቀዳም። ተናጋሪው ሳያቋርጥ ካወራ የየስላይዱ የመጀመሪያ ቃል ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ስላይዱ ከተቀየረ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ መጀመር፣ አዲስ ስላይድ ከመክፈት በፊትም ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ነው። ሽግግሮቹንም ማንሳት ይሻላል። የሚሽከረከርና የሚበታተን ሽግግር ጊዜ ይወስዳል፤ የቪዲዮውንም ክብደት ይጨምራል፤ ቪዲዮ የሚከብደው በየቅጽበቱ ሙሉው ስክሪን ሲለዋወጥ ነውና።

ከዚያ File → Export → Create a Video ይከፈታል። Use Recorded Timings and Narrations መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ድምፁ ይቀርና እያንዳንዱ ስላይድ አምስት ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ያልፋል። ጥራቱ HD ወይም Full HD ይበቃል፤ 4K ለስልክ ዳታ ማባከን ነው። ስላይዳችን ቁመታም ስለሆነ ግን ከጥራቱ ጎን የተጻፈው ቁጥር የወርዱ ላይሆን ይችላል። ከወጣ በኋላ በProperties → Details ውስጥ Frame width የሚለው ከ720 በታች ከሆነ ከፍ ያለውን ጥራት መርጦ እንደገና ማውጣት ነው። በሥራው ላይ እያለ ፓወርፖይንቱን መዝጋት አይገባም። ከታች ያለው መስመር እስኪሞላ ፋይሉ ቢታይም አላለቀም፤ ያኔ የተላከ ቪዲዮ አይከፈትም።

ክብደቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚወስድ የ90 ሰከንድ ቪዲዮ፣ 90 ለ8 ሲካፈል፣ ወደ 11 ሜጋባይት ይሆናል። የወጣው ፋይል ከዚህ በጣም ከከበደ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ በተጫነበት ኮምፒውተር ተርሚናል ላይ ይህ ትእዛዝ ያቀለዋል፦

```
ffmpeg -i edir.mp4 -c:v libx264 -crf 24 \
  -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 64k \
  -movflags +faststart edir-lite.mp4
```

ከcrf ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከፍ ሲል ፋይሉ ያንሳል፣ ፊደሉም ይደክማል፤ ለጽሑፍ ከ26 ማለፍ አይመከርም። መጨረሻ ላይ ያለው faststart የቪዲዮውን ማውጫ ወደ ፊት ስለሚያመጣው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ መጫወት እንዲጀምር ያስችላል፤ ኔትወርክ ደካማ ለሆነበት አባል ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ወደ ግሩፑ ከመላክ በፊት ምስሎቹንና ቪዲዮውን በቴሌግራም Saved Messages ላይ ለራስ መላክ ያስፈልጋል። ከዚያ የራስን ስልክ ስክሪን ሳይሆን፣ ቢቻል በቤት ውስጥ ያለውን ትንሹንና አሮጌውን ስልክ መክፈት፤ ሳያጎሉ፣ ክንድ ዘርግቶ የባንክ ቀሪው ያለበትን ስላይድ ማንበብ። የቀሪው ሒሳብ አሐዞች ሁሉም ከተለዩ ይላካል። 3 እና 8 ከተምታቱ ግን ጥራት መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ወደ ስላይዱ ተመልሶ ፊደሉን ማሳደግ ወይም ገጹን ለሁለት መክፈል ነው።